የከፈልነውን ካሳ ከጥፋተኛው መድን ድርጅት ስለማስመለስ፦ «ግማሹን እንክፈል» ሲሉ ምን ይመለሳል?

ጥያቄ፦ አንድ መድን ድርጅት ውስጥ የሪከቨሪ ክፍል ተመድቤያለሁ። ጥቅምት 2017 ላይ የደንበኛችንን ኮሮላ ከፊት ለፊቱ የመጣ አይሱዙ ወደ ግራ ሲታጠፍ ገጨው። ሰው አልተጎዳም። ጥገናውን ከፍለን ጨርሰናል። ለአይሱዙው መድን ድርጅት ጻፍን፤ መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ቀጥሎ «ግማሹን እንክፈል» አሉ። ሙሉውን ማስመለስ እንችላለን ወይ? ደብዳቤውስ ምን መያዝ አለበት? ለሥራው አዲስ ነኝና እንደ ታናሽ እህት አስረዱኝ።

ምላሽ፦ ሙሉውን መጠየቅ ትችላላችሁ። «ግማሹን» ያሉት ግን ዝም ብለው አይደለም፤ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2084 ወስደውት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ደብዳቤሽ ዋና ሥራው ለዚህ ቁጥር መልስ መስጠት ነው። ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ግን በማን መብት እንደምትጠይቂ እናጥራ፤ ብዙ ፋይል የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

የንግድ ሕጉ ቁጥር 683 በውሉ መሠረት ካሳ የከፈለ መድን ሰጪ፣ በከፈለው ልክ በተጠቃሚው ቦታ ተተክቶ ጉዳት አድራሹን እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። የዳረጎት መብት የምንለው ይህንኑ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 ሲወጣ የመድን ክፍሉ ስላልተነካ የ1952ቱ ድንጋጌ ዛሬም የሚሠራበት ነው።

«በውሉ መሠረት የከፈለ» የሚለውን በደንብ ያዢው። የዚያኛው ድርጅት ጠበቃ ጎበዝ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠይቀው የእናንተን ፖሊሲ ነው። በአደጋው ቀን ፖሊሲው ጸንቶ ነበር? የኮሮላው ሹፌር መንጃ ፈቃድ የታደሰ ነበር? ለደንበኛችሁ በውሉ ሳትገደዱ በደግነት ከፍላችሁ ከሆነ፣ «የመክፈል ግዴታ ያልነበረባችሁን ከፍላችሁ እኛን ልትጠይቁ አትችሉም» የሚል መቃወሚያ ይመጣል። ስለዚህ የፖሊሲው ቅጂና የሹፌሩ መንጃ ፈቃድ ከደብዳቤው ጋር መያያዝ አለባቸው። የጋራዥ ደረሰኝ ብቻ አያይዞ መላክ የተለመደ ቢሆንም፣ ደረሰኙ የሚያሳየው ገንዘብ መውጣቱን እንጂ ገንዘቡ በመብት መውጣቱን አይደለም።

«በተጠቃሚው ቦታ ተተክቶ» ማለት ደግሞ ደንበኛችሁ ከነበረው የበለጠ መብት የላችሁም ማለት ነው። እኛ አገር ግጭት ሲደርስ የትራፊክ ፖሊሱ ገና ልኬቱን ሳይጨርስ ሽምግልና ይጀመራል። ደንበኛችሁ «ተስማምተናል፣ ከእንግዲህ አንጠያየቅም» የሚል ወረቀት ላይ ፈርሞ ጥቂት ብር ተቀብሎ ከሆነ፣ አይሱዙዎቹ ያንን ወረቀት ይመዙባችኋል፤ እናንተም የምትተኩበት መብት አይኖርም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቁጥር 683 መድን ሰጪው ከደንበኛው ጋር ያለበትን ግዴታ በሙሉ ወይም በከፊል እንዲያነሣ ይፈቅድለታል፤ እናንተ ግን ከፍላችኋል። ስለዚህ ሁለተኛውን ደብዳቤ ከመጻፍሽ በፊት ለደንበኛው ደውለሽ «ምንም ወረቀት ፈርመዋል? ከሹፌሩ የተቀበሉት ገንዘብ አለ?» ብለሽ ጠይቂው፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዢ።

አሁን ወደ ግማሹ ጉዳይ። ቁጥር 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገምታል፤ ባለቤቶቹም ከጠቅላላው ጉዳት ግማሽ ግማሹን ይችላሉ። ሦስተኛው ንዑስ ቁጥር ግን አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሹፌር ጥፋት መድረሱ ከተረጋገጠ ይህ አይሠራም ይላል። «በአብዛኛው» የሚለውን ልብ በዪ። ደንበኛችሁ እንከን የለሽ ነበር ብላችሁ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም፤ የአደጋው ዋና ምክንያት የአይሱዙው ሹፌር መሆኑን ማሳየት ይበቃል። የእናንተ ሰው ትንሽ አስተዋጽኦ ቢኖረው እሱ በልኩ ይቀነሳል እንጂ ወደ ግማሽ አይመልሳችሁም።

ይህንን የምታሳዪው በአብዛኛው በትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ነው። ብዙ ጊዜ የሚያያዘው የፖሊሱ አጭር ደብዳቤ ነው፤ እሱ «የአይሱዙው ሹፌር ቅድሚያ ባለመስጠቱ» ይላል፣ በቃ። ፕላኑ ግን የግጭቱን ነጥብ፣ የመንገዱን ስፋት፣ መኪኖቹ የቆሙበትን ቦታና ካለም የፍሬን ምልክቱን በሜትር ይዟል። እንዳልሽው አይሱዙው ከፊት ለፊት መጥቶ ወደ ግራ ሲታጠፍ ከሆነ የገጨው፣ የግጭቱ ነጥብ በኮሮላው መስመር ውስጥ መውደቅ አለበት። ጉዳቱን ደግሞ ከፕላኑ ጋር አመሳክሪ። የኮሮላው ግራ ፓራፋንጎና የግራ ፊት በር ከተጎዱ፣ አይሱዙውም በፊቱ ከመታ፣ ኮሮላው መገናኛው ውስጥ ቀድሞ ገብቶ ነበር ማለት ነው። የኮሮላው አፍንጫ ተደቁሶ የአይሱዙው የቀኝ ጎን ከተመታ ግን ታሪኩ ይለወጣል፤ ያኔ «ታጥፌ ልጨርስ ስል በፍጥነት መጥቶ ገባብኝ» የሚለው ክርክር ክብደት ያገኛል።

«ኮሮላው ፈጥኖ ነበር» ማለታቸው አይቀርም። በምን እንዳወቁ ጠይቂያቸው። ፕላኑ ላይ የተለካ የፍሬን ምልክት ከሌለና የገለልተኛ ምስክር ቃል ከሌለ፣ ፍጥነቱ የሹፌራቸው ቃል ብቻ ነው። ሹፌራቸው ለጥፋቱ የትራፊክ ቅጣት ከፍሎ ከሆነ የቅጣቱን ማስረጃ አያይዢ። ጉዳዩ ወንጀል ችሎት ሄዶ በነጻ ቢለቀቅ እንኳ አትደንግጪ፤ በቁጥር 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት በወንጀሉ ነጻ መውጣት አይታሰርም።

ደግሞ የግማሹን ሒሳብ እራሱን ስሪው። የብሩን መጠን ስላልነገርሽኝ በምሳሌ ላስቀምጥ። ጋራዡ ለመለዋወጫ 268,000፣ ለእጅ ዋጋ 92,000፣ በድምሩ 360,000 ብር አስከፈለ እንበል። ከዚህ 15,000ው የደንበኛው ኤክሰስ፣ ማለትም በውሉ መሠረት ራሱ ከኪሱ የሚችለው ድርሻ ነው፣ እናንተ ለጋራዡ 345,000 ከፈላችሁ። ለመጎተቻ ክሬን 6,000 ጨመራችሁ፤ 351,000 ሆነ። የተቀየሩትን አሮጌ ዕቃዎች እንደተለመደው ተረክባችሁ በ11,000 ሸጣችኋል። እንግዲህ እናንተ በእርግጥ የከሰራችሁት 340,000 ብር ነው።

የሳልቬጁን፣ ማለትም የአሮጌ ዕቃውን ሽያጭ፣ 11,000 ሳትቀንሺ 351,000 ብትጠይቂ ማጭበርበር ይመስላል፤ እነሱም የድሮ ዕቃው የት ደረሰ ብለው መጠየቅ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ራስሽ ቀንሰሽ ስታቀርቢ የቀረው ቁጥር ይታመናል። ጉዳቱን የመረመረላችሁን የሰርቬየራችሁን ክፍያና የቢሮ ወጪያችሁን ግን አትጨምሪ። ቁጥር 683 የሚሰጣችሁ ለደንበኛው በካሳነት የወጣውን ነው፤ ፋይሉን ለመመርመር ያወጣችሁት የራሳችሁ ሥራ ወጪ ነው።

የደንበኛው 15,000 የእናንተ አይደለም፣ እንዲረሳ ግን አትፍቀጂ። እሱ ከኪሱ የከፈለው ስለሆነ የመጠየቅ መብቱ ከእሱ ጋር ቀርቷል። ውክልና ወይም የፈረመበት የፈቃድ ደብዳቤ ተቀብለሽ በዚያው ደብዳቤ በተለየ መስመር ጠይቂለት። መኪናው ጋራዥ ሳለ ለታክሲ ያወጣውን በደረሰኝ ካመጣ እሱም እንዲሁ በስሙ ይገባል። የሪከቨሪ ክፍሎች የራሳቸውን አስመልሰው ደንበኛውን የሚረሱበት ልማድ አለ፤ እኔ በጣም የማልወደው ነገር ነው።

ስለዚህ ጠቅላላ ጥያቄው 340,000 እና 15,000፣ በድምሩ 355,000 ብር ሆነ። እነሱ ግማሹን ሲሉ 177,500 ማለታቸው ይመስላል። ሕጉ ግን «ከጠቅላላው ጉዳት ግማሽ» ነው የሚለው፤ ጠቅላላው ደግሞ የሁለቱም መኪና ነው። የአይሱዙው ጉዳት 65,000 ቢሆን ድምሩ 420,000፣ የእያንዳንዱ ድርሻ 210,000 ይሆናል። አይሱዙው የራሱን 65,000 ስለቻለ ለእናንተ የሚደርሰው 145,000 ብቻ ነው። ዛሬ 177,500 ተቀብለሽ ደስ ብሎሽ ፋይሉን ብትዘጊ፣ ነገ የአይሱዙው ባለቤት የ65,000ውን ግማሽ፣ 32,500 ብር፣ ከደንበኛችሁ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያ ጥያቄ ደግሞ በሦስተኛ ወገን ሽፋን ዞሮ እናንተው ዘንድ ይመጣል። በማንኛውም መጠን ብትስማሙ ስምምነቱ የአይሱዙውንም ጉዳት እንደሚዘጋ በግልጽ ይጻፍ።

ሌላው የሚያነሡት የእርጅና ቅናሽ ነው፤ «አሮጌ መኪና ላይ አዲስ ዕቃ ገጠማችሁ» ይላሉ። ይህን በጅምላ አትቀበዪ፣ በጅምላም አትቃወሚ። ጎማና ባትሪ ከተቀየረ ደንበኛው በእርግጥ ተጠቅሟል፣ ተገቢውን ቀንሽ። በርና ፓራፋንጎ በአዲስ ቢቀየር ግን መኪናው ገበያ ላይ ከአደጋው በፊት ከነበረው በላይ አያወጣም፤ እንዲያውም የተገጨ መኪና ተብሎ ይወርዳል። በዕቃ በዕቃ እንዲከራከሩ አድርጊ እንጂ «30 በመቶ በሙሉ» የሚል ቅናሽ አትቀበዪ።

ደብዳቤው እንግዲህ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦

> ለ… መድን ድርጅት፣ የካሳ ክፍል
>
> ጉዳዩ፦ በንግድ ሕግ ቁጥር 683 መሠረት የተከፈለ ካሳ እንዲተካልን ስለመጠየቅ
>
> የሰሌዳ ቁጥሩ … የሆነና በእናንተ ዘንድ በሰርተፍኬት ቁጥር … መድን የተገባለት አይሱዙ፣ ጥቅምት … ቀን 2017 ዓ.ም. በ… መገናኛ ላይ ወደ ግራ ሲታጠፍ፣ ቀጥ ብሎ ይጓዝ ለነበረው የደንበኛችን ኮሮላ ቅድሚያ ሳይሰጥ ገጭቶታል። የግጭቱ ነጥብ በኮሮላው መስመር ውስጥ መሆኑን የትራፊክ ፖሊስ ፕላን ያሳያል። አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአይሱዙው ሹፌር ጥፋት የደረሰ ስለሆነ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2084/1/ እና /2/ ተፈጻሚነት የላቸውም፤ ባለቤቱ በቁጥር 2081 ኃላፊ ነው።
>
> በፖሊሲ ቁጥር … መሠረት ለደንበኛችን 351,000 ብር ከፍለን፣ ከአሮጌ ዕቃ ሽያጭ 11,000 ብር አግኝተናል። ስለዚህ 340,000 ብር ለድርጅታችን፣ እንዲሁም ደንበኛችን በሰጠን ውክልና መሠረት የከፈለው 15,000 ብር፣ በድምሩ 355,000 ብር ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ እንዲከፈል እንጠይቃለን። በከፊል የምትቃወሙ ከሆነ የማትቃወሙትን ከፍላችሁ፣ የምትቃወሙትን በምክንያትና በማስረጃ በጽሑፍ እንድታሳውቁን፤ የተሽከርካሪውን የመድን ሽፋን ዓይነትና የንብረት ጉዳት ጣሪያውንም እንድትገልጹልን እናሳስባለን።
>
> በተባለው ጊዜ ምላሽ ካላገኘን በባለቤቱና በሹፌሩ ላይ ክስ መሥርተን ሕጋዊ ወለድ፣ ወጪና ኪሳራ የምንጠይቅ መሆኑን እንገልጻለን።
>
> ግልባጭ፦ ለአይሱዙው ባለቤት፣ ለሹፌሩ

30 ቀኑ የእኔ ልማድ ነው፣ ሕግ ያስቀመጠው አይደለም። ግልባጩ ግን ለይስሙላ የገባ አይደለም። ኃላፊነቱ መጀመሪያ የሚወድቀው ባለቤቱ ላይ ነው፤ መድን ድርጅቱ የሚገባው ከባለቤቱ ጋር ባለው ውል ነው። ደግሞ «ደንበኛችን አደጋውን አላሳወቀንም» የሚለው ሰበብ በጣም የተለመደ ነው። ባለቤቱ የመካሰስ ማስጠንቀቂያ በእጁ ሲደርሰው በማግስቱ ወደ መድን ድርጅቱ ይሮጣል። በሪኮማንዴ ላኪው፣ ወይም በእጅ ሰጥተሽ የተቀበሉበትን ማኅተም በቅጂው ላይ አስደርጊ።

በደብዳቤው ውስጥ ስለ ሽፋን ጣሪያ የምትጠይቂው ለምን እንደሆነ ላስረዳ። አይሱዙው ሙሉ ሽፋን ካለው የሦስተኛ ወገን ጣሪያው ፖሊሲው ላይ የተጻፈው ነው። የግዴታው የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ካለው ግን ለንብረት ጉዳት የሚከፈለው የተወሰነ ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ 100,000 ብር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከፍ ተደርጓል፤ ስለዚህ በአደጋው ቀን የሚሠራውን መጠን አይተሽ ያዢ። ለምሳሌ ጣሪያው 200,000 ቢሆን፣ 355,000ውን በሙሉ ብታሳምኚያቸው እንኳ ከድርጅቱ 200,000 ነው የሚወጣው። ቀሪው 155,000 ከባለቤቱ ይጠየቃል።

እዚህ ላይ ነው ወጥመዱ። ድርጅቱ 200,000ውን ሲከፍል «ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ ተቀብለናል፣ ከእንግዲህ በማንም ላይ ጥያቄ የለንም» የሚል ቅጽ ያቀርብልሻል። ያ ቅጽ ለእነሱ የተዘጋጀ የታተመ ወረቀት ስለሆነ ሳያስቡት የሚፈርሙት ብዙዎች ናቸው፤ ከተፈረመ በኋላ ግን ባለቤቱም ይዞት ይቀርባል። «በማንም ላይ» የሚለውን ሰርዘሽ ይህን አስገቢ፦ «ይህ ክፍያ የመድን ድርጅቱን የሽፋን ጣሪያ ብቻ የሚመለከት ሲሆን፣ በተሽከርካሪው ባለቤትና ሹፌር ላይ ያለን ቀሪ የ155,000 ብር ጥያቄ እንደተጠበቀ ነው።» እምቢ ካሉ አትፈርሚ፤ የገንዘብ ደረሰኝ ቁረጪላቸው፣ እሱ ይበቃል።

ከተገኘው 200,000 ደንበኛው ስንት ይድረሰው? እኔ ቢያንስ እንደ ድርሻው መከፈል አለበት ባይ ነኝ። 15,000ው ከ355,000 ላይ ያለው ድርሻ ሲሰላ ወደ 8,450 ብር ይሆናል፤ ቀሪው ከባለቤቱ ሲገኝ ይጨመርለታል። አንዳንድ ድርጅቶች ሙሉውን 15,000 ቀድመው ይሰጡታል፤ ይህ ያስመሰግናል እንጂ ስህተት የለውም።

የመጨረሻው ነገር ቀን ነው፤ በዚህ ላይ ቸልተኛ አትሁኚ። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቅበት ጊዜ በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ጊዜውን እናንተ ከከፈላችሁበት ቀን አትቁጠሪ፤ በደንበኛው ቦታ ነው የቆማችሁት፣ የእሱ ሰዓት መቁጠር የጀመረው በግጭቱ ቀን ነው። ጥቅምት 2017 የደረሰ አደጋ ጥቅምት 2019 ላይ ይዘጋል ብለሽ ያዢ። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ ረዘም ሲል እሱ እንዲሠራ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ሰው ባልተጎዳበት ግጭት ግን በዚህ ተስፋ ማድረግ አደገኛ ነው።

ደብዳቤ መጻፍ ደግሞ ይርጋን አያቋርጥም። ቁጥር 1851 የሚያቋርጡትን ሲጠቅስ ባለዕዳው ዕዳውን ሲያምን፣ ወይም ባለገንዘቡ ክስ ሲመሠርት ይላል። «ጉዳዩን እያየነው ነው»፣ «ለኮሚቴ አቅርበነዋል» የሚሉ መልሶች እምነት አይደሉም፤ ሁለት ዓመቱ በእነዚህ መልሶች መሐል ሲያልቅ ብዙ አይቻለሁ። «ግማሹን እንክፈል» ያሉት በቃል ከሆነ በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ፤ ደብዳቤው «ኃላፊነታችንን በግማሽ እንቀበላለን» ካለ በዚያ መጠን ሊረዳሽ ይችላል፣ «መብታችንን ሳንለቅ ለስምምነት ብቻ» ካለ ግን አትመኪበት።

ስለዚህ ሁለተኛው ደብዳቤ በ30 ቀን መልስ ካላገኘ ሦስተኛ አትጻፊ፤ ፋይሉን ለሕግ ክፍል አስተላልፊ። ክሱ በባለቤቱና በሹፌሩ ላይ ይቀርባል፤ መድን ድርጅቱን ባለቤቱ ራሱ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 43 ጣልቃ አስገብቶ ይጎትተዋል። የሕግ ክፍላችሁ ማስረጃ ለማሟላት ጊዜ እንዲያገኝ ይርጋው ሊሞላ ቢያንስ ሦስት ወር ሲቀረው እጁ ላይ ይድረስ፤ ከፖሊስ ጣቢያ የፕላኑን የተረጋገጠ ቅጂ ማውጣት ብቻውን ሳምንታት ሊፈጅ ይችላልና እሱን ዛሬውኑ ጠይቂ።